ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ሁሉ ኅብር አይሆንም፦ የምላሽ ጽሑፍ

ምላሽ የሚሰጥበት ጽሑፍ የሚከተለውን ይላል፦

«አንደኛ፦ ኅብረ ቃል ማለት ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ማለት ነው። አማርኛ እንዲህ ያሉ ቃላት ስለሞሉት ቅኔው ያለው በቋንቋው ውስጥ ነው፤ ተናጋሪው ያገኘውን ያነሣል እንጂ አይፈጥርም። ሁለተኛ፦ ሰሙ መሸፈኛ ነው፤ አድማጩ ወርቁን ካገኘ በኋላ ይጥለዋል። ሦስተኛ፦ ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማይለይ ለቃላት ጨዋታ እጅግ የተመቸ ነው። አራተኛ፦ ይህ ጥበብ የእኛ ብቻ ነው፤ በሌላ ሕዝብ ዘንድ አይገኝም።»

በቅደም ተከተላቸው እመለስባቸዋለሁ፤ ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ግን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ነጥቦች ነው፤ የጸሐፊውም ዋና አሳብ ያረፈው በእነርሱ ላይ ነውና።

በመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር። አማርኛ ውስጥ ከአንድ በላይ ትርጉም ያለው ቃል መፈለግ አያስቸግርም። «እግር» ስንል የሰው እግር አለ፣ የጠረጴዛ እግር አለ፣ የተራራ እግር አለ። ይሁን እንጂ የጠረጴዛው እግር ተሰበረ ብንል የሚስቅም ሆነ የሚደነቅ ሰው የለም። ትርጉሞቹ እርስ በርስ የተዛመዱ ስለሆኑ የአድማጩ አእምሮ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ መዝለል አያስፈልገውም፤ ማለፉም አይታወቀውም። ስለዚህ ለኅብር የሚያስፈልገው ቢያንስ ትርጉሞቹ የተራራቁ ቃል ነው። እርሱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። «ሳለ» የሚለውን ግሥ እንውሰድ። ቢላዋ የሳለ ሰው አለ፣ ሥዕል የሳለ አለ፣ ጉንፋን ይዞት ሲስል ያደረም አለ። ሦስቱ ትርጉሞች ምንም አያገናኛቸውም፤ ድምፃቸው ግን አንድ ነው። «ሠዓሊው የእመቤታችንን ሥዕል ሳለ» ብለን ብንናገር ስለ ሳል ወይም ስለ ሞረድ የሚያስብ ማን ነው? ማንም የለም። ቃሉ ሦስት ትርጉም እያለው ዓረፍተ ነገሩ አንድ ትርጉም ብቻ ይዞ ይወጣል። ጸሐፊው እንዳሉት ቅኔው በቃሉ ውስጥ ቢሆን ኖሮ በየቀኑ የምንናገረው ንግግር ሁሉ ቅኔ በሆነ ነበር።

ታዲያ ሌሎቹ ትርጉሞች የት ገቡ? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚሰጥ ሙከራ አለ። ዴቪድ ስዊኒ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ በእንግሊዝኛ ተባይንም፣ ንግግር ለመጥለፍ በድብቅ የሚተከል መሣሪያንም የሚጠራ አንድ ቃል ወሰዱ። ሰዎች ይህ ቃል ያለበትን ዓረፍተ ነገር በጆሯቸው እየሰሙ፣ ዓይናቸው ላይ ደግሞ ሌላ ቃል ብልጭ ይልላቸውና ያዩት ነገር እውነተኛ ቃል መሆን አለመሆኑን በፍጥነት እንዲመልሱ ይጠየቃሉ። የሚሰሙት ዓረፍተ ነገር ስለ በረሮና ስለ ሸረሪት እየተናገረ ስለሆነ፣ ቃሉ ተባይ ማለት መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ቃሉ በተሰማበት ቅጽበት «ጉንዳን» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ሰላይ» የሚለውም ከማይዛመድ ቃል ፈጥኖ ታወቀ። ሦስት ቀለም ያህል ዘግይቶ ሲፈተን ግን ፈጥኖ የሚታወቀው «ጉንዳን» ብቻ ሆነ፤ የሰላዩ ትርጉም ጠፍቷል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሁለቱም ትርጉሞች ለአንድ አፍታ በእያንዳንዱ ሰው አእምሮ ውስጥ እንደሚነሡ፣ በዙሪያቸው ያሉት ቃላት ግን አንዱን አስቀርተው ሌላውን ወዲያው እንደሚያጠፉት ነው። ሠዓሊውና ሥዕሉ የሳሉንና የሞረዱን ትርጉም አጥፍተውብናል። ስለዚህ ቅኔ የሚቀኝ ሰው ሥራው ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ማንሣት ብቻ አይደለም፤ እርሱ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ሥራ በቃሉ ዙሪያ ያሉትን ሌሎች ቃላት እየመረጡ ሁለተኛው ትርጉም እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። ይህ ደግሞ ከቋንቋው በልመና የሚገኝ ነገር አይደለም።

ነገሩ በምሳሌ እንዲታይ ለዚሁ ጽሑፍ ያሰናኘኋትን አንዲት ቀላል ግጥም ላቅርብ። ለመወድስ ወይም ለሥላሴ ቅኔ የምትቀርብ አይደለችም፤ አሠራሩን ለማሳየት ግን ትበቃለች።

ጠላቴ ቢዝትም ቢዶልት ወዳጁ፣
ስለቴን ይዤ ነው የቆምኩት ከደጁ።

ኅብሩ «ስለቴን» የሚለው ነው። ስለት ማለት የተሳለ ብረት፣ ቢላዋ ወይም ጎራዴ ነው፤ ስለት ማለት ደግሞ ለታቦት የተሳሉት፣ ምኞት ሲሠምር የሚሰጥ ጃንጥላ፣ ጧፍ ወይም ገንዘብ ነው። የመጀመሪያው ቤት ስለ ዛቻና ስለ ዱለታ ስለሚናገር፣ አድማጩ ሁለተኛውን ቤት የሚጀምረው ጠብ እየጠበቀ ነው፤ «ስለቴን ይዤ» ሲባልም ዓይኑ ላይ የሚመጣለት ብረት ነው። «የቆምኩት ከደጁ» የሚለው ሲደርስም መጀመሪያ የሚያየው የጠላትን ደጅ ነው። ነገር ግን ደጅ መቆም፣ ደጅ መጥናት የሚባለው ነገር በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ውስጥ የቤተ ክርስቲያንን ደጅ ማስታወሱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ «ስለቴን» የሚለውን እንደገና ይሰማዋል። ባለ ጎራዴው ሰው ድንገት ስለት ተሸክሞ ደጀ ሰላም የቆመ ምእመን ይሆናል። «ደጁ» የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የደጁ ባለቤት ነው፤ በሰሙ ጠላት፣ በወርቁ እግዚአብሔር።

አሁን ከሁሉ የሚያስቸግረውን ትንሽ ቃል እንመልከት፤ እርሱም «ይዤ» ነው። በእርሱ ፋንታ «ስለቴን መዝዤ ነው የቆምኩት ከደጁ» ብል፣ ግጥሙ አይሰበርም፤ ኅብሩ ግን ይሞታል፤ የሚመዘዝ ጎራዴ እንጂ ጧፍ ስላልሆነ። ወደ ሌላው ወገን ዞሬ «ስለቴ ሠምሮ ነው የቆምኩት ከደጁ» ብል ደግሞ ብረቱ ይጠፋል፤ ጎራዴ አይሠምርምና። «መያዝ» ግን ለሁለቱም የሚሆን ግሥ ነው፤ ሰው ቢላዋም ይይዛል፣ ስለትም ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ኅብረ ቃሉ በሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አንድ ነው። አንደኛው ቅኔ ሆኖ ሁለቱ ተራ ንግግር የሆኑት በአጠገቡ በቆመው ግሥ ምክንያት ነው። ጸሐፊው «ያገኘውን ያነሣል» ያሉት ተናጋሪ፣ «ስለት» የሚለውን ቃል ከቋንቋው አግኝቶት ይሆናል፤ «ይዤ» የሚለውን የመረጠው ግን ራሱ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ መፈተኛ ልጥቀስ። ኅብሩን አውጥቶ በቦታው በመጀመሪያ አንዱን ትርጉም፣ ቀጥሎ ሌላውን በግልጽ ማስገባት ነው። «ጎራዴዬን ይዤ ነው የቆምኩት ከደጁ»፤ ይሄዳል። «የተሳልኩትን ይዤ ነው የቆምኩት ከደጁ»፤ ይህም ይሄዳል። ሁለቱም ያለ ምንም ጥገና ከሄዱ ኅብሩ ሙሉ ነው። ብዙ ጊዜ በየማኅበራዊ ሚዲያው ቅኔ ተብሎ የሚቀርበው ነገር በዚህ ፈተና ይወድቃል፤ በአንዱ ትርጉም ሲነበብ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሆንና በሌላው ሲነበብ ባለቤቱ ከግሡ ጋር አይስማማም፣ ወይም ትርጉም አልባ ይሆናል። አድማጩ ስሕተቱን በስሙ ባይጠራውም ያውቀዋል፤ ከመሳቅ ይልቅ «ምን ለማለት ነው?» ይላል። ሌላው የተለመደ ውድቀት ደግሞ ከመናገር በፊት «ቅኔ ናት፣ ልብ በሉ» ብሎ ማስጠንቀቅ ነው። የተጠነቀቀ አድማጭ የመጀመሪያውን ትርጉም አምኖ አይቀበልም፤ ሳይቀበለው ደግሞ ወደ ሁለተኛው የሚዘልበት መነሻ አይኖረውም።

ይህ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ያመጣናል። በአለቃ ገብረ ሐና ስም ከሚነገሩት ጨዋታዎች አንዱን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። አለቃ በእንግድነት ከሄዱበት ቤት መሶቡ ሲከፈት አይጥ ዘልሎ ይወጣል። ባለቤቲቱ ደነገጡ፤ አለቃ ግን ያላዩ መስለው ይበላሉ። ከምግብ በኋላ ሲመርቁ፣ ስለ እንጀራውና ስለ ወጡ አመስግነው ምርቃቱን «አይጡ» በሚለው ቃል ይዘጉታል። አተራረኩ እንደ ተራኪው ይለያያል፤ በሁሉም ዘንድ የማይለወጠው ግን ይህ የመጨረሻ ቃል ነው። «አይጡ» ማለት «አይጡ፣ ሁልጊዜ ይኑርዎት» ማለት ነው፤ ባለቤቲቱን አንቱ ብሎ የመረቀ ሰው የሚናገረው ተገቢ ቃል። «አይጡ» ማለት ደግሞ ያ ከመሶቡ የወጣው አይጥ ነው።

ይህ ኅብር ከቀደመው ምሳሌ የተለየ ባሕርይ አለው። «ስለት» በመዝገበ ቃላት ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚገኝ ስም ነው። «አይጡ» ግን በመዝገበ ቃላት ውስጥ የለም። አንደኛው «ማጣት» ከሚለው ግሥ የወጣ የአሉታ ምርቃት ነው፤ ሁለተኛው «አይጥ» የሚለው ስም ላይ «ው» ማለት የሚሆነው «ኡ» ተጨምሮበት የታወቀ ነገርን የሚያመለክት ነው። ሁለት የማይገናኙ ቃላት፣ አንዱ ሲረባ ሌላው ባዕድ ሲቀጠልበት፣ በአንድ ድምፅ ላይ ተገናኙ። ጸሐፊው በመጀመሪያው ነጥብ «ሁለት ትርጉም ያለው ቃል» ሲሉ እንዲህ ያለውን ኅብር ከቆጠራው ውጭ አድርገውታል፤ እውነቱን ለመናገር አማርኛ የሚመካበት ኅብር በብዛት ያለው ግን በእርባታው ውስጥ ነው።

አሁን ጸሐፊው እንዳሉት ሰሙን እንጣለው። ወርቁ «በመሶብዎ ውስጥ አይጥ አይቻለሁ» የሚል ነው። ሰሙ ከተጣለ አለቃ ያሉት ነገር ይኸው ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ጨዋታ ሳይሆን ወቀሳ ነው። ሰውየውን ባለጌ፣ ባለቤቲቱን የተዋረደች ያደርጋል። ወርቁን ጥለን ሰሙን ብናስቀር ደግሞ ማንኛውም እንግዳ የሚናገረው ምርቃት ይሆናል። የሚያስቀው ከሁለቱ አንዱ አይደለም። የሚያስቀው አንድ ድምፅ፣ በአንድ ጊዜ፣ ምርቃትም ወቀሳም ሆኖ መቆሙ ነው። አድማጩ አይጡን ካገኘ በኋላም ወደ ምርቃቱ ይመለሳል፤ ምርቃቱ አሁንም ሙሉ፣ አሁንም ትክክለኛ ሆኖ ያገኘዋል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ አይጡ ይዘልላል። ባለቤቲቱም መቆጣት አይችሉም፤ ቢቆጡ የተቆጡት በምርቃት ላይ ነው፤ ቢቀበሉት ደግሞ አይጡን አብረው መቀበላቸው ነው። ይህን ችግር የፈጠረባቸው የሰሙ ጥንካሬ ነው። ሰሙ ደካማ ቢሆን ኖሮ ሽሙጡ ይጋለጥ ነበር።

ቦታውም ልብ ሊባል ይገባል። «አይጡ» የምርቃቱ የመጨረሻ ቃል ነው። በምርቃቱ መካከል ቢነገር ኖሮ ከኋላው የሚመጡት ቃላት ከሁለቱ ትርጉሞች አንዱን ሊያጠፉት ይችሉ ነበር። ከመጨረሻው ቃል በኋላ የሚመጣው ዝምታ ነው፤ ዝምታ አንዱንም ትርጉም አያጠፋም። የግጥም ኅብር ብዙ ጊዜ ወደ ቤት መምቻው የሚጠጋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

እዚህ ላይ በቅንፍ ያህል አንድ ነገር ልበል፦ ጸሐፊው «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም ለማንኛውም ባለ ሁለት ትርጉም ንግግር ሰጥተውታል። በዕለት ንግግር ሁላችንም እንዲህ እንላለን፤ ስሕተት ነው ብዬ አልከራከርም። በቅኔ ቤት አከፋፈል ግን ሰምና ወርቅ፣ ኅብርና ውስጠ ወይራ የተለያዩ መንገዶች ናቸው። ሰምና ወርቅ በጠባብ ትርጉሙ ምሳሌውና የተመሰለለት ሁለቱም በስማቸው ተጠርተው ጎን ለጎን የሚሄዱበት ሲሆን፣ ኅብር አንዱ ቃል ራሱ ሁለቱን የሚሸከምበት ነው። «ሰሙ መሸፈኛ ብቻ ነው» የሚለው አሳብ የመጣው ምናልባት ሁሉንም በአንድ ስም ከመጥራት ሊሆን ይችላል፤ ምስጢሩን በውስጡ ለሚሰውረው ለውስጠ ወይራ ሊቀርብ ይችላል፤ ለኅብር ግን አይሆንም።

ሦስተኛው ነጥብ በከፊል እውነት አለው፤ እውነትነቱ ግን ለዓይን ነው። ፊደላችን መጥበቅን አያሳይም፤ ስለዚህ «በዓሉ ገና ነው» ተብሎ ቢጻፍ፣ «ገና» ሲላላ በዓሉ አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓሉ የልደት በዓል ነው ማለት ይሆናል። «ዶሮው ይበላል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ዶሮው ጥሬውን ይለቅማል ወይስ ለምሳ ይቀርባል? በስልክ መልእክት ላይ እንዲህ ያለው ነገር ያስቃል፤ አንዳንዴም ያጣላል። አፋችን ግን ሁለቱን «ገና»ዎች ፈጽሞ አይቀላቅላቸውም። ተናጋሪው «ገና» ለማለት አፉን በከፈተ ጊዜ ወይ አጥብቆታል ወይ አላልቶታል፤ አድማጩም አንዱን ብቻ ይሰማል፤ ሁለተኛው ትርጉም ለአፍታ እንኳ አይነሣም። ቅኔ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በጉባኤና በማኅሌት ላይ በቃል የሚዘረፍ እንጂ መጀመሪያ ተጽፎ የሚነበብ አይደለም። ስለዚህ ለባለ ቅኔው ፊደሉ መጥበቅን አለማሳየቱ ብዙም አይጠቅመውም። እንዲያውም እንዲህ ባለ ቃል ለመቀኘት የሚሞክር ሰው የሚጠብቀውን አላልቶ፣ የሚላላውን አጥብቆ በመናገር ለማታለል ይገደዳል፤ ጆሮ ያለው አድማጭም ወዲያው ይይዘዋል።

የተገላቢጦሹ ደግሞ ጸሐፊው ሳያነሡት ያለፉት ነው። ፊደላችን የሚለያያቸው፣ አፋችን ግን አንድ ያደረጋቸው ቃላት አሉ። «ሰአለ» በአልፋው «አ» ሲጻፍ ለመነ ማለት ነው፤ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» የምንለው ከዚህ ነው። «ሠዐለ» በንጉሡ «ሠ» እና በዐይኑ «ዐ» ሲጻፍ ሥዕል ሠራ ማለት ነው፤ «ሠዓሊ» ከዚህ ይወጣል። በግእዝም «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ሲሆን «ሰረቀ» የሌብነት ቃል ነው። አፋችን «ሠ»ንና «ሰ»ን፣ «ዐ»ንና «አ»ን ከለየ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ስለዚህ ለጆሮ እነዚህ ጥንዶች ፍጹም ኅብር ይሆናሉ። ፊደሉ በጥንቃቄ ከተጻፈ ግን ኅብሩን ይገልጠዋል። እንግዲህ ፊደላችን ለቃላት ጨዋታ አንድ ቦታ ላይ የሚረዳ፣ ሌላ ቦታ ላይ የሚያሳጣ ነው፤ የተመቸ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

አራተኛውን ነጥብ ለመመለስ ከመጽሐፍ ቅዱስ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። በትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 8 መጀመሪያ ላይ እግዚአብሔር ለነቢዩ የበጋ ፍሬ የሞላበት ዕንቅብ ያሳየውና ምን ታያለህ ይለዋል፤ ነቢዩ ፍሬውን በስሙ ሲጠራ፣ እግዚአብሔር በሕዝቤ በእስራኤል ላይ ፍጻሜ መጥቷል ብሎ ይመልሳል። በዕብራይስጡ የበጋው ፍሬ «ቃይጽ» ነው፤ ፍጻሜው «ቄጽ» ነው። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 1 ደግሞ ነቢዩ የለውዝ በትር አያለሁ ይላል፤ እግዚአብሔርም ቃሌን ለመፈጸም እተጋለሁ ይለዋል፤ ለውዙ «ሻቄድ»፣ የሚተጋው «ሾቄድ» ነው። እነዚህ እንደ «ስለት» አንድ ድምፅ ሆነው ሁለት ነገር የሚሉ አይደሉም፤ ድምፃቸው የተቀራረበ ሁለት ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም በግልጽ ይነገራሉ፤ ነቢዩ የመጀመሪያውን በራሱ አፍ እንዲጠራው ከተደረገ በኋላ ሁለተኛው ይመጣበታል። አሠራሩ ግን ያው ነው፤ አድማጩ በፍሬው ቅርጫት ላይ እንዳለ በድምፁ ምክንያት ወደ ፍርዱ እንዲዘል ይደረጋል። በአማርኛው የሚያነብብ ሰው ፍሬና ፍጻሜ ለምን እንደተያያዙ ከድምፃቸው ማወቅ ስለማይችል፣ ፍሬው መብሰሉ የፍርዱን ጊዜ መድረስ የሚያሳይ ምሳሌ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ የእስራኤል ሰው ግን ምሳሌውን ከመመርመሩ በፊት «ቃይጽ» ከሚለው ቃል ውስጥ «ቄጽ»ን ሰምቶ ነበር።